ቀሪ ዕዳ፦ ዜሮ

ሐይቅ
እሑድ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት አገር፣ በምታድሪበት ቤት ሁሉ ይከተልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? አምና የያዘሽ የጉልበት ሕመም ተሻለሽ ወይስ እየደበቅሽ ነው? የምትሠሪበት ቤት ሦስት ፎቅ እንዳለውና ደረጃውን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወጪው እዚያው አገር ያለችው ኢቲሳም ነግራኛለች። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። አባቴም ደኅና ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ደክሟል፤ የሚያስቀሯቸው ልጆች በእንጨት ሉሕ ላይ የጻፉትን ከማየት ይልቅ ቁርኣን ሲቀሩ ሰምተው ማረም ይቀላቸዋል። የአምባሰል ጤፍ ታጭዶ አልቋል፤ በረከቱ ደኅና ነው ይላሉ። ደኅና ነኝ ማለቴ ግን አካሌን ነው። ድካም አለብኝ፤ እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም ነው።

ይህን ወረቀት ሀዲያ ትይዝልሻለች፤ ዕረፍቷን ጨርሳ ማክሰኞ ወደ ጂዳ ትነሣለች። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ብለሽ እንዳለፍሽው ሰምቻለሁ። ኔትወርክ አልነበረም። ቀስ ብለሽ አስነብቢው፤ ረጅም ነው፤ ቁጥርም አለበት። ቁጥሩን ሳልጽፍ ነገሩን ብቻ ብነግርሽ ግን እውነቱን የሸረፍኩት ይመስለኛል።

እንደምታውቂው ከጥቅምት አንድ ቀን ጀምሮ እዚሁ ሐይቅ ከተማ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬአለሁ። ሥራው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው ማድረስ፣ ከገበሬው ደግሞ ማሾና ሽንኩርት ተረክቦ መሸጥ ነው። ጠረጴዛዬ በመስኮቱ በኩል ነው፤ ሐይቁ ይታያል፤ እኔ ግን አላየውም፤ የማየው የመጋዘን ደረሰኝ ነው። አርባ ሦስት ሠራተኞች ነን። የደመወዝ መዝገቡን የሚያዘጋጁት ጋሽ ሽታው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ፣ በመጪው ሰኔ ጡረታ የሚወጡ፣ በየዓመቱ ለመስከረም ሃያ አንድ ግሸንን በእግራቸው የሚወጡ ሰው። የፋይናንስ ኃላፊያችን ወይዘሮ አሪፋ ናቸው።

ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀቴን ተቀበልኩ። ጋሽ ሽታው የሁላችንንም በአንድ ገጽ አትመው፣ በማስመሪያ እየቀደዱ፣ ለየሰዉ አንድ አንድ ቁራጭ ይሰጣሉ። የኔን ሲሰጡኝ፣ «የሸይኹ ልጅ፣ እንግዲህ መንግሥት አወቀሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳትበይ የሚበላልሽ አለ» ብለው ቀለዱ። ሳቅሁ። ከዚያ ተቀምጬ መስመር በመስመር አየሁት፤ ሌላ ሰው ቢሆን የተጣራውን ብቻ አይቶ ኪሱ ይከተው ነበር።

መሠረታዊ ደመወዝ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ብር። የሥራ ግብር አንድ ሺህ አምስት መቶ። ይህ ልክ ነበር፤ ከሐምሌ ወዲህ በተሻሻለው ሰንጠረዥ ከሰባት ሺህ በላይ እስከ አሥር ሺህ የሚያገኝ ሰው ደመወዙ በሃያ አምስት በመቶ ይባዛና ስምንት መቶ ሃምሳ ይነሣለታል። ጡረታ ሰባት በመቶ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ ስምንት። ይህም ልክ። የወጪ መጋራት አሥር በመቶ፣ ዘጠኝ መቶ አርባ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ሳለን መንግሥት ያበላንንና ያስተማረንን ተቀጥረን ከደመወዛችን የምንመልስበት ዕዳ ነው። ይህም ልክ መሰለኝ። የተጣራ ተከፋይ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሁለት ብር። ደመርኩ፤ ቀነስኩ፤ ገጠመ። ነገር ግን ከሁሉ በታች፣ ማንም የማያነበው አንድ መስመር ነበር፦ ቀሪ የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ።

የኔ ዕዳ ሠላሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ብር ነበር። በፊርማዬ የተቀበልኩት ነው፤ ቅጂውን አባቴ ዘንድ ከኪታቦቻቸው መካከል አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ላይ ዘጠኝ መቶ አርባ ሲነሣ ሠላሳ ሺህ አምስት መቶ አርባ ሊቀር ይገባል። ዕዳው ዜሮ ከሆነ የሚቆረጥ የለም፤ የሚቆረጥ ካለ ዕዳው ዜሮ አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሊኖሩ አይችሉም፤ አንዱ ስሕተት ነው።

እናቴ፣ የትኛው እንደ ተሳሳተ አንድም አፍታ አልተጠራጠርኩም። ዕዳዬን አውቀዋለሁና።

እንዴት እንዳወቅሁት አንቺም ታውቂያለሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ሐቅ እሳት ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ዕዳውም አልከበደኝም፤ ኮራሁበት። የመንግሥት ነው፤ ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑ የታወቀ፣ ለማንም ውለታ የማያስገባ። በሠላሳ አራት ወር ከፍዬ እጨርሰዋለሁ ብዬ አስልቼ ነበር። ሐምሌ ላይ ስመረቅ ኢቲሳም ከጂዳ ለዕረፍት ስትመጣ ያንን በመሐረብ የተጠቀለለ የወርቅ ጉትቻ ከአንቺ አመጣችልኝ። ሐምሌ አሥራ ስምንት ቀን ስትመለስ እንደ ተጠቀለለ መለስኩላት፤ ከደብዳቤ ጋር። እስከ ዛሬ ከኔ የደረሰሽ ደብዳቤ ያ ብቻ ነው። በ«አንቱ» ጻፍኩት፤ እንደ ማመልከቻ ከነአያቴ ስም ፈረምኩት። ከቃሉ አንዱን ብቻ ላስታውስሽ፤ የቀረውን አላህ ከልብሽ ያጥፋው፦ «ዕዳ ያለበት ሰው ወርቅ አያንጠለጥልም» ብዬሻለሁ። ያን ጊዜ ቃሉ አምሮኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው ያሸግሁት።

ሰኞ ኅዳር አንድ ቀን ወረቀቱን ይዤ ጋሽ ሽታው ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። ቀጥለውም ዘጠኝ መቶ አርባው የርሳቸው ጥፋት መሆኑን፣ የኮምፒውተሩ መዝገብ ዲግሪ ላለው አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ አሥር በመቶ በራሱ እንደሚቆርጥ፣ እርሳቸውም ለኔ መሰረዝ ሲገባቸው እንደ ዘነጉት፣ ገንዘቡም ገና ለገቢዎች ስላልተላለፈ በሚቀጥለው ወር ተመላሽ እንደሚያደርጉልኝ ነገሩኝ። ዜሮው ግን ልክ ነው አሉ።

በምን ልክ ሆነ ብዬ ጠየቅሁ።

«ልክ ነው አልኩሽ፣ ልጄ። አብሽሪ፤ ሄደሽ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

ጋሽ ሽታውና አባቴ የቆየ ትውውቅ እንዳላቸው አውቃለሁ። በችግር ዘመን የአንዱን ቤት እህል የሌላው ቤት በልቷል ይባላል። ስለዚህ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሽማግሌው ለወዳጃቸው ልጅ ብለው የመንግሥትን ዕዳ በብዕራቸው ሰርዘውልኛል። የማይገባኝን ሊያበሉኝ ነው። ሙንተሲር የሚባል የንብረት ሠራተኛ ከጎናችን ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ እየሳቀ፣ «አንቺ፣ ዕዳ ጠፋልኝ ብሎ የሚከስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ፤ የኔም ይጠፋ እንደሆነ ጋሼን ለምኚልኝ» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ ለወይዘሮ አሪፋ ማስታወሻ ጻፍኩ። የቀሪ ዕዳ መስመሩ ያለ ማስረጃ ዜሮ መደረጉን፣ ይህም የመንግሥትን ገቢ የሚያስቀር የሐሰት መዝገብ ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲጣራ የምጠይቅ መሆኔን። «የሐሰት መዝገብ» የሚለውን እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ለስለስ ያለ ቃል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ወይዘሮ አሪፋ የሚገባቸውን አደረጉ። ጉዳዩ እስኪጣራ የደመወዝ ሥራውን ከጋሽ ሽታው እጅ አንሥተው ለኔ ሰጡ፤ እርሳቸውንም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ አዘዙ። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው ሰው በሐሰት መዝገብ ሲጠረጠር ምን እንደሚጠብቀው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ስገባ የሰላምታዬ መልስ አጠረ። ጥበቃው ኸሚስ እንኳ፣ ሁልጊዜ «እንዴት አደርሽ፣ እናትዋ» የሚለኝ ሰው፣ በሩን ከፍቶ ወደ ሌላ ያይ ጀመር። እኔ ግን ለሐቅ የቆመ ሰው ብቻውን መቆም ይልመድ ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ።

የጋሽ ሽታው መልስ ሁለት መስመር ነበር። ሰነዱ በሠራተኛዋ የግል ማኅደር ውስጥ እንደሚገኝ፣ ይሁን እንጂ በአማና፣ በአደራ የተቀበሉት ስለሆነ ሠራተኛዋ ፊት እንዳይከፈት የሚለምኑ መሆናቸውን ይላል። እኔ በፊቴ ይከፈት አልኩ። ኅዳር አራት ቀን ተከፈተ።

ደረሰኝ ነበር። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን የተከፈለ፣ ሠላሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ብር፣ የወጪ መጋራት ሙሉ ክፍያ፣ ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ተያይዞበታል። ከፋዩ የኔ ስም፣ ገንዘቡን ያስገባው ደግሞ ኑርዬ፣ አባቴ።

ወይዘሮ አሪፋ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና የደረሰኙ ቁጥር ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ እንዲረጋገጥ አዘዙ፤ ደንቡ ይህ ነው። ጋሽ ሽታው ለመውጣት ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ «ዜሮውን የጻፍኩት አውቄ ነው። ዘጠኝ መቶ አርባውን የተውኩት አርጅቼ ነው» አሉኝ።

አባቴ በሬ ሸጡ ብዬ ነበር መጀመሪያ ያሰብኩት። እሑድ በማለዳ ወደ ውጫሌ በሚኒባስ ሄጄ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። በሬው በረት አጠገብ ታስሮ ድርቆሽ ይበላ ነበር። ሁለተኛውም አብሮት ነበር። አባቴን ከደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እጃቸውን ሳምኩ፤ የደረሰኙን ቅጂ ዘረጋሁላቸው። ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

«ገንዘቡ የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ እግሩ ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን እንደ ሰማሁት ልጻፈው። በነሐሴ መጀመሪያ ደውለሽላቸዋል። ከተለያያችሁ ጀምሮ ሁለታችሁ በቀጥታ ስትነጋገሩ ያ የመጀመሪያው ነበር አሉ፤ ሰላምታውም አጭር ነበር አሉ። የወረቀቱን ቁጥር ጠየቅሻቸው፤ ከኪታቦቹ መካከል አውጥተው አነበቡልሽ። በሳምንቱ በባንክ ገንዘብ መጣ፤ መልእክትሽ ሁለት ቃል ነበር፦ «ዕዳዋን ዝጋላት።» እንዳትነግራት፣ ካወቀች ትመልሰዋለች ብለሽ አስማልሻቸው። እርሳቸውም የማንንም ገንዘብ ነክተው የማያውቁት ሰው ሐይቅ ድረስ ወርደው፣ ተሰልፈው ከፈሉ። ስቀጠር ደግሞ ደረሰኙን ራሳቸው ለጋሽ ሽታው አስረክበው በአማና አሰሩት። ከገንዘቡ የተረፈ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር ነበር። በርሱ ጫማ ግዛላት ብለሽ ኖሯል። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያደረግሁት ጥቁር ጫማ ነው። አባቴ ገዙልኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ እርሳቸውም ሲመሰገኑ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከየት አገኘችው ብዬ ጠየቅኋቸው። አባቴም፣ «የሴት ልጅ ገንዘብ ከየት መጣ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ቤቴ ፈርሷል። ሁለተኛ አልጠይቅም» አሉኝ።

እኔ ግን ጠየቅሁ። ከዳገቱ ስወርድ ለኢቲሳም ደወልኩላት። ጉትቻውን መልሳ ስታደርስልሽ ምን እንዳልሽ ብቻ ንገሪኝ አልኳት። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም አለችኝ። ደብዳቤውን እርሷ አነበበችልሽ። ሰምተሽ ስትጨርሺ፣ «ዕዳዋ ስንት ነው?» ብቻ አልሽ። ያ ጉትቻ ከገበያ የተገዛ መስሎኝ ነበር፣ እናቴ። ኢቲሳም ግን እርሷ ጂዳ ከገባች ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጆሮሽ ሲወርድ እንዳላየችው ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ያልፍ ነበር፤ ደኅና ዋልሽ ይሉኛል፤ ደኅና ዋሉ እላለሁ። ጉትቻውን ከመለስኩበት ከሐምሌ አሥራ ስምንት ዕዳው እስከ ተከፈለበት እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ስንት ቀን እንደሆነ ቆጠርኩ። ሃያ አራት ቀን ነው። ከዚያ በላይ ማስላት አልቻልኩም።

አሁን የምነግርሽ የባሰውን ነው። ኅዳር ሰባት ቀን እውነቱን አወቅሁ። በማግስቱ ወደ ቢሮ ገብቼ ጋሽ ሽታውን ይቅርታ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም። የገቢዎች ማረጋገጫ ገና አልመጣም፤ ሰነድ ሳይሟላ መናገር ከሥርዓት ውጭ ነው አልኩ ለራሴ። ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ከሥርዓቱ ጀርባ ተደበቅሁ። ሥርዓት መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል ማንም አላስተማረኝም ነበር፤ ከራሴ ተማርኩት። በዚያው ሰሞን የኅዳርን ደመወዝ እኔ ሠራሁ፤ ጋሽ ሽታው በየወሩ ብቻቸውን የሚሠሩትን። የአርባ ሦስት ሰው ግብር፣ ጡረታ፣ ብድር፣ የዕድር መዋጮ፣ የቀረበት ቀን፣ የትርፍ ሰዓት። ዓይኔ እስኪፈዝ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። በአራተኛው የኸሚስን የአራት ሌሊት የትርፍ ሰዓት ዘልዬ አገኘሁት፤ ያ በሩን ከፍቶ ወደ ሌላ የሚያየው ሰው። ማንም ሳያይ አስተካከልኩት። በኔ ላይ ግን የሐሰት መዝገብ ብሎ የጻፈ የለም።

የገቢዎች ደብዳቤ ኅዳር ሃያ አራት ቀን መጣ። ደረሰኙ ትክክል፣ ዕዳው የተዘጋ። ወይዘሮ አሪፋ ሁላችንን ሰብስበው አነበቡት። ተነሣሁ። አንደበቴ በቁርኣን እንጂ በይቅርታ አልተገራምና ቃሉ ተወለካከፈብኝ። ማስታወሻዬን እንደማነሣ፣ በጋሽ ሽታው ላይ የጻፍኩት ቃል ሐሰቱ የራሴ እንደ ነበር፣ እውነቱንም ካወቅሁ ሁለት ሳምንት እንዳለፈኝ ተናገርኩ። የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ሳልናገረው ብቀር ይቅርታው ጎዶሎ ይሆን ነበር። ጋሽ ሽታው መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «ግሸን ስወጣ ያልደከምኩትን ያንቺ አንድ ገጽ ማስታወሻ አደከመኝ፣ የሸይኹ ልጅ» አሉ። ሰው ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው፣ «አብሽሪ። አባትሽም በወጣትነቱ እንዲሁ ነበር፤ ሐቅን እንደ ዱላ ነበር የሚይዛት» አሉ።

ዘጠኝ መቶ አርባው ብር እስከዚያ ቀን በተከፋይ ሒሳብ ውስጥ ቆሞ ነበር። የራሴን ተመላሽ በራሴ እጅ መመዝገብ ስለማይገባኝ ያችን አንዲት መስመር ጋሽ ሽታው ጻፏት፤ ወይዘሮ አሪፋ አጸደቁ። ከዚያች መስመር ጋር መዝገቡ ሁሉ ወደ እጃቸው ተመለሰ። ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን የሁለተኛውን ወር ወረቀት ተቀበልኩ፦ የወጪ መጋራት ባዶ፣ የተጣራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሁለት፣ ያለፈው ወር ተመላሽ ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ቀሪ ዕዳ ዜሮ። ሁለቱንም ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የተሳሳተውንም አስቀምጪው።

እናቴ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩትም።

የሄድሽ ቀን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከልጆቹ ጋር በአባቴ ፊት ተቀምጬ እቀራ ነበር። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ የሚቀራ ልጅ ዓይኑን ከሉሑ አያነሣም፤ ያነሣ እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እግርሽን አየሁት፤ ጫማ አድርገሽ ነበር፤ እቤት ጫማ አድርገሽ አታውቂም። ብዙ ቆምሽ። ማን እንደ ሆንሽ አውቄአለሁ፤ ለምን እንደ ቆምሽም አውቄአለሁ። ዓይኔን አላነሣሁም። ሱራውን እስከ መጨረሻው ቀራሁት፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም። ቀና ስል በሩ ባዶ ነበር። አባቴ በዚያ ቀን በሰው ፊት አመሰገኑኝ። ያንን ምስጋና እስከ ዛሬ ስበላው ኖሬአለሁ። አንቺ ጥለሽኝ ሄድሽ እያልኩ ያደግሁት፣ ያቺን ቀና ማለት የከለከልኩሽ እኔ መሆኔን እንዳላስታውስ ነው።

አላህ ይቅር ይለኝ እንደሆነ በርሱና በኔ መካከል ነው። የአንቺን ግን ከአንቺ ነው የምለምነው። ይቅር በይኝ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው። ከኪራይ ክፍሌ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የደወል ድምፅ በውኃው ላይ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ዙህር ይባላል። ጥቁሩ ጫማ እግሬ ላይ ነው፤ አንዱ ተረከዙ ሊያልቅ ነው፤ አሰፋዋለሁ እንጂ አልጥለውም።

የተመለሰልኝን ዘጠኝ መቶ አርባ ብር አልነካሁትም። ከእንግዲህም በየወሩ ያንኑ ያህል ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ ሠላሳ አራት ወር እንደሚፈጅ ከዚህ በፊት አስልቼዋለሁና አዲስ ስሌት አያስፈልገኝም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ አትመልሺውም። እስከዚያ ድረስ ግን የጆሮሽ ቀዳዳ እንዳይደፈን ክር አስገቢበት።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደረጃውን ያሳጥርልሽ፤ ከሰው አገር በሰላም መልሶ ደጃፋችን ላይ ያቁምሽ። በዚያን ቀን ምንም እየቀራሁ ብሆን ቀና እላለሁ።

ልጅሽ